በቁጥር ሎተሪና በኦንላይን ዕጣ የመግጠም ትክክለኛ ዕድል እንዴት ይሰላል? ዝርዝር መመሪያ

ከ49 ቁጥሮች 6 በሚወጡበት ጨዋታ ሦስት ቁጥር የመግጠም ዕድል ስንት እንደሆነ ለማስላት የሚሞክሩ ብዙ ሰዎች ከ921 አንድ የሚል ውጤት ላይ ይደርሳሉ። ትክክለኛው ውጤት ግን ከ57 አንድ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከአሥራ ስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ መንስኤው ግን የማባዛት ስህተት አይደለም። ሰዎቹ የሚገጥሙትን ሦስት ቁጥሮች በትክክል ቆጥረው፣ በቲኬቱ ላይ ያሉትን የማይገጥሙ ሦስት ቁጥሮች ሳይቆጥሩ ያልፋሉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት በዋናነት ይህን ስህተት ለማስቀረት ስለሆነ፣ ደረጃዎቹን ሳይዘሉ በቅደም ተከተላቸው ይሥሩ።

ዝግጅት፦ ከስሌቱ በፊት ደንቡን ያንብቡ

ወረቀት፣ እርሳስና ተራ ካልኩሌተር ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን የጨዋታውን ደንብ ያግኙና የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች መልስ ጽፈው ይያዙ።

1. የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል? ለምሳሌ 4፣ 17 እና 31 ቢወጡ፣ 31፣ 4 እና 17 ብሎ የጻፈ ሰው ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም?
2. አንድ ጊዜ የወጣ ቁጥር ወደ ሳጥኑ ይመለሳል? ማለትም በአንድ ዕጣ ውስጥ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላል?
3. ሁሉም ቁጥሮች የሚወጡት ከአንድ ሳጥን ነው ወይስ ሁለተኛ ሳጥን አለ? ተጨማሪ ኳስ ካለስ ከየትኛው ሳጥን ይወጣል?

ጥምረት፣ ማለትም ቅደም ተከተላቸውን ሳይቆጥሩ ቁጥሮችን የመምረጥ ስሌት፣ የሚሠራው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሱ «አይደለም» ሲሆን ብቻ ነው። ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞች ሦስቱ በቅደም ተከተላቸው የሚገመቱባቸው ጨዋታዎች የዚህ ዓይነት አይደሉም፤ በእነርሱ ዘንድ አንድ አኃዝ ሊደገም ይችላል፣ ቦታውም ይቆጠራል። ስለዚህ ጠቅላላ የውጤቶቹ ብዛት 10 × 10 × 10 = 1,000 ሲሆን ሦስቱንም በቦታቸው የመግጠም ዕድል ከ1,000 አንድ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ላይ ጥምረትን መጠቀም ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ ውጤት ስለሚሰጥ፣ ይህን ሳያረጋግጡ ወደ ደረጃ 1 አይለፉ።

ደረጃ 1፦ ጠቅላላ የጥምረቶችን ብዛት ያግኙ

ምሳሌያችን ከ49 ቁጥሮች 6 የሚመረጡበት ጨዋታ ነው። የካናዳው ሎቶ 6/49 በዚህ መልክ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የብሪታንያው ብሔራዊ ሎተሪም ከ1994 ጀምሮ እስከ 2015 ድረስ በዚሁ ሥርዓት ይካሄድ ነበር።

የመጀመሪያው ኳስ ከ49 አንዱ፣ ሁለተኛው ከቀሪዎቹ 48 አንዱ እያለ ስድስተኛው ከ44 አንዱ ይሆናል። እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ማባዛት ቅደም ተከተልን የቆጠረ ብዛት ይሰጣል። ስድስት ቁጥሮች በ720 የተለያዩ ቅደም ተከተሎች ሊደረደሩ ስለሚችሉና (6 × 5 × 4 × 3 × 2 × 1) እነዚህ ሁሉ ለእኛ አንድ ቲኬት ስለሆኑ፣ ውጤቱን ለ720 እናካፍላለን። ይህ ስሌት በአጭሩ C(49, 6) ተብሎ ይጻፋል።

ስድስቱን ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ካባዙ 10,068,347,520 ያገኛሉ። ይህ አሥራ አንድ አኃዝ ስላለው ስምንት አኃዝ ብቻ በሚያሳይ ካልኩሌተር ላይ ስህተት ያስነሳል ወይም የመጨረሻዎቹን አኃዞች ይቆርጣል። ስለዚህ እያባዙ ወዲያው ያካፍሉ፦

```
49 ÷ 1              =         49
49 × 48 ÷ 2         =      1,176
1,176 × 47 ÷ 3      =     18,424
18,424 × 46 ÷ 4     =    211,876
211,876 × 45 ÷ 5    =  1,906,884
1,906,884 × 44 ÷ 6  = 13,983,816
```

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር መሆኑ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሲሠሩ እያንዳንዱ መስመር የግድ ሙሉ ቁጥር ይሰጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መስመር ራሱ የጥምረት ብዛት ነው። አንዱ መስመር ላይ ነጥብ ያለው ቁጥር ከወጣ፣ በዚያ መስመር ላይ ወይም ከዚያ በፊት ባለው የተሳሳተ ቁጥር አስገብተዋል ማለት ነው፤ ከዚያው ይመለሱ እንጂ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግዎትም። ማካፈሉን ከማባዛቱ በፊት ካደረጉ ግን ይህ ቁጥጥር አይሠራም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያባዙ፣ ቀጥሎ ያካፍሉ።

ስድስቱንም የመግጠም ዕድል እንግዲህ ከ13,983,816 አንድ ነው። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 የሚለው ምርጫም ከእነዚሁ አንዱ ስለሆነ ዕድሉ ከማንኛውም ሌላ ምርጫ አያንስም፤ ብዙ ሰው ስለሚመርጠው ግን ቢወጣ ሽልማቱ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል።

ደረጃ 2፦ የሚገጥሙትንና የማይገጥሙትን ለየብቻ ይቁጠሩ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ 49ኙ ቁጥሮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ 6ቱ የወጡ ናቸው፣ 43ቱ ያልወጡ ናቸው። በትክክል ሦስት የገጠመ ቲኬት ማለት ሦስት ቁጥሮቹ ከስድስቱ፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ከ43ቱ የሆኑ ቲኬት ነው። ሁለቱም ወገን መቆጠር አለበት።

ሀ. ከስድስቱ የወጡ ቁጥሮች ሦስት የሚመረጡባቸውን መንገዶች ይቁጠሩ፦ 6 × 5 ÷ 2 = 15፣ ቀጥሎ 15 × 4 ÷ 3 = 20።

ለ. ከ43ቱ ያልወጡ ቁጥሮች ሦስት የሚመረጡባቸውን መንገዶች ይቁጠሩ፦ 43 × 42 ÷ 2 = 903፣ ቀጥሎ 903 × 41 ÷ 3 = 12,341።

ሐ. ሁለቱን ያባዙ፦ 20 × 12,341 = 246,820። ሦስት ቁጥር ብቻ የሚገጥሙ ቲኬቶች ብዛት ይህ ነው።

መ. ጠቅላላውን ለዚህ ያካፍሉ፦ 13,983,816 ÷ 246,820 = 56.66። ዕድሉ ከ57 አንድ ገደማ ነው።

በ«ሐ» ላይ የምናባዛው፣ የማንደምረው፣ ከሃያዎቹ የሚገጥሙ ሦስትዮሾች እያንዳንዱ ከ12,341ዱ የማይገጥሙ ሦስትዮሾች ከየትኛውም ጋር ተጣምሮ የተለየ ቲኬት ስለሚሆን ነው።

ውጤትዎ 921 ከሆነ

20ን ለ18,424 ካካፈሉ ወይም 6/49 × 5/48 × 4/47 ብለው ካባዙ ከ921 አንድ ያገኛሉ። ይህ ስሌት በራሱ ስህተት የለበትም፤ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው እንጂ። በቲኬትዎ ላይ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ጽፈው ሦስቱም ከወጡት ስድስት መካከል የመገኘታቸው ዕድል እርሱ ነው። እርስዎ ግን ስድስት ጽፈዋል፤ ከስድስቱ የትኞቹም ሦስት ቢገጥሙ ሽልማቱን ያገኛሉ።

ውጤትዎ 1,133 ከሆነ

ይህ የሚመጣው የማይገጥሙትን በማካተት 6/49 × 5/48 × 4/47 × 43/46 × 42/45 × 41/44 ብለው ሲያባዙ ነው። ይህኛው ለትክክለኛው መልስ ይበልጥ ይቀርባል፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሌቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮችዎ ገጥመው የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የማይገጥሙበትን አንድ ሁኔታ ብቻ ይመለከታል። የሚገጥሙት ሦስቱ በቲኬትዎ ላይ በ20 መንገድ ሊቀመጡ ስለሚችሉ ዕድሉን በ20 ያባዙት፤ ከ56.66 አንድ ላይ ይደርሳሉ።

ደረጃ 3፦ ሠንጠረዡን ይሙሉና በድምር ያረጋግጡ

ደረጃ 2ን ከዜሮ እስከ ስድስት ላሉት የግጥሚያ ብዛቶች ሁሉ ይድገሙ። ብዙ ጊዜ ሽልማት ለሌላቸው ለዜሮ፣ ለአንድና ለሁለት ጭምር ያስሉ፤ ያለ እነርሱ ማረጋገጫው አይሠራም።

| የገጠሙ | ስሌት | የቲኬቶች ብዛት |
|---|---|---|
| 6 | 1 × 1 | 1 |
| 5 | 6 × 43 | 258 |
| 4 | 15 × 903 | 13,545 |
| 3 | 20 × 12,341 | 246,820 |
| 2 | 15 × 123,410 | 1,851,150 |
| 1 | 6 × 962,598 | 5,775,588 |
| 0 | 1 × 6,096,454 | 6,096,454 |

የመጨረሻውን ዓምድ ይደምሩ። ድምሩ 13,983,816 መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ ቲኬት ከእነዚህ ሰባት መስመሮች በአንዱ፣ በአንዱም ብቻ፣ ይገኛልና። ድምሩ ካነሰ አንድ መስመር ዘለዋል ወይም የማይገጥሙትን ያልቆጠሩበት መስመር አለ። ከበለጠ ደግሞ አንድ ቲኬት ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው «በትክክል ሦስት» እና «ሦስት ወይም ከዚያ በላይ» የሚሉት ሲደባለቁ ነው።

ሠንጠረዡ ከተስተካከለ በኋላ ማንኛውንም ጥያቄ በመደመር መመለስ ይቻላል። አንድ ጨዋታ ሽልማት የሚሰጠው ከሦስት ጀምሮ ከሆነ የላይኞቹን አራት መስመሮች ይደምሩ፤ 260,624 ያገኛሉ፣ ዕድሉም ከ53.66 አንድ ይሆናል። ከእነዚህ አሸናፊ ቲኬቶች 246,820ዎቹ፣ ማለትም ወደ 95 በመቶ የሚጠጉት፣ የሚያገኙት ዝቅተኛውን ሽልማት እንደሆነ ልብ ይበሉ። በማስታወቂያ ላይ «ከ54 አንዱ ያሸንፋል» የሚል ቃል ሲያዩ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ዝቅተኛው ደረጃ ነው።

ኮምፒውተር ካለዎት በስፕሬድሺት ላይ የሚከተሉትን በመጻፍ ሥራዎን ማመሳከር ይችላሉ፦

```
=COMBIN(49,6)
=COMBIN(6,3)*COMBIN(43,3)
=HYPGEOM.DIST(3,6,6,49,FALSE)
```

ሦስተኛው 0.01765 የሚል መልስ ይሰጣል፤ 1ን ለዚህ ሲያካፍሉ 56.66 ያገኛሉ። በመጨረሻው ቦታ FALSE ፋንታ TRUE ከጻፉ ከዜሮ እስከ ሦስት ያሉት ሁሉ ስለሚደመሩ ከ0.99 በላይ የሆነ ቁጥር ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ተጨማሪ ኳስን እንደ ዓይነቱ ያስሉ

ተጨማሪ ኳስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስሌታቸውም አይመሳሰልም።

*ከዚያው ሳጥን የሚወጣ ከሆነ።* ስድስቱ ከወጡ በኋላ ሰባተኛው ከቀሩት 43 ይወጣል። አምስት የገጠመ ቲኬት ስድስተኛ ቁጥሩ ተጨማሪው ኳስ ከሆነ ከፍ ያለ ሽልማት ያገኛል። 258ቱን ቲኬቶች በሁለት ወገን ይክፈሉ፤ 6 × 1 = 6 ቲኬቶች ተጨማሪውን የያዙ፣ 6 × 42 = 252 ቲኬቶች ያልያዙ ናቸው። አምስት ከተጨማሪው ጋር የመግጠም ዕድል 13,983,816 ÷ 6፣ ማለትም ከ2,330,636 አንድ ነው። ጠቅላላው ብዛት እንደማይለወጥ ያስተውሉ፤ የቲኬቱ ባለቤት ሰባተኛ ቁጥር አይመርጥምና።

*ከሁለተኛ ሳጥን የሚወጣ ከሆነ።* እዚህ የቲኬቱ ባለቤት ተጨማሪውን ቁጥር ራሱ ይመርጣል፤ ስለዚህ ጠቅላላው ይባዛል። የአሜሪካው ፓወርቦል ከ2015 ወዲህ ከ69 ነጭ ኳሶች 5፣ ከ26 ቀይ ኳሶች ደግሞ 1 የሚወጡበት ጨዋታ ነው። C(69, 5) = 11,238,513 ሲሆን በ26 ሲባዛ 292,201,338 ይሆናል።

በዚህ ጨዋታ ቀዩን ኳስ ብቻ የሚገጥም ሰው ዕድሉ ከ38 አንድ ገደማ ነው ተብሎ ይገለጻል፤ ቀይ ኳሶቹ 26 ሆነው ሳለ ለምን ከ26 አንድ አልሆነም ብለው ብዙዎች ይጠይቃሉ። መልሱ ደረጃ 2 ላይ ያየነው ነው። «ቀዩን ብቻ» ማለት አምስቱም ነጮች አልገጠሙም ማለት ስለሆነ የማይገጥሙት መቆጠር አለባቸው። ካልወጡት 64 ነጮች አምስት የሚመረጡባቸው መንገዶች 7,624,512 ናቸው፤ 292,201,338 ÷ 7,624,512 = 38.32። ቀዩን የገጠሙ፣ ነገር ግን አንድ ወይም ከዚያ በላይ ነጭም የገጠሙ ሰዎች በሌላ የሽልማት ደረጃ ተቆጥረዋል።

ደረጃ 5፦ ተደጋጋሚ ዕጣዎችን በመሸነፍ በኩል ያስሉ

በየሳምንቱ አንድ ቲኬት ለ52 ሳምንታት የሚገዛ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ በትክክል ሦስት ቁጥር የመግጠም ዕድሉ ስንት ነው? 52ን ለ56.66 አያካፍሉ። እንዲህ ካደረጉ 92 በመቶ ያገኛሉ፤ በዚሁ አካሄድ በ57ኛው ሳምንት ዕድሉ ከ100 በመቶ ያልፋል፣ ይህም ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ስህተቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚገጥሙባቸውን ዓመታት ደጋግሞ መቁጠሩ ነው።

ትክክለኛው መንገድ አንድም ጊዜ ያለመግጠምን ዕድል አስልቶ ከ1 መቀነስ ነው።

1. የአንድ ሳምንት ያለመግጠም ዕድል፦ 1 − 0.01765 = 0.98235።
2. ይህን በራሱ 52 ጊዜ ያባዙ፦ 0.98235^52 = 0.396 ገደማ።
3. ከ1 ይቀንሱ፦ 0.604፣ ማለትም 60 በመቶ ገደማ።

ስድስቱንም ለመግጠም ግን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ተራ ማካፈል ይበቃል። በሳምንት አንድ ቲኬት ለ50 ዓመት 2,600 ቲኬት ነው፤ 13,983,816 ÷ 2,600 ሲሰላ ከ5,378 አንድ ይሆናል። ያለፉት ሳምንታት መሸነፍ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም፤ አሥር ዓመት የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ዕጣ ያለው ዕድል ዛሬ ከጀመረው ሰው ጋር እኩል ነው። ኳሶቹ ከእያንዳንዱ ዕጣ በፊት ሁሉም ወደ ሳጥኑ ተመልሰዋል።

ደረጃ 6፦ የኦንላይን ዕጣን ያስሉ

በኦንላይን ዕጣ የሚገዛው ቁጥር የተሰጠው ቲኬት ነው፤ የሚመረጥ የቁጥሮች ስብስብ የለም። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም የሚያስፈልገው መረጃ ብዙ ጊዜ ተደብቋል። መጀመሪያ እነዚህን ያረጋግጡ፦ የሚሸጡት ቲኬቶች ጣሪያ አላቸው ወይ? ስንት አሸናፊዎች ይወጣሉ? ያሸነፈ ቲኬት ወደ ዕጣው ይመለሳል ወይ? በነጻ የሚገቡ ተሳታፊዎችስ አሉ?

500 ቲኬቶች የተሸጡበት፣ 3 ሽልማቶች ያሉትና ያሸነፈ ቲኬት የማይመለስበት ዕጣ እንውሰድ፤ እርስዎ 5 ቲኬቶች አሉዎት። እንደገና በመሸነፍ በኩል ይሂዱ። በመጀመሪያው ዕጣ የእርስዎ ያልሆነ ቲኬት የመውጣቱ ዕድል 495/500 ነው፤ በሁለተኛው 494/499፣ በሦስተኛው 493/498።

```
495/500 × 494/499 × 493/498 = 0.97024
1 − 0.97024 = 0.02976
```

ቢያንስ አንድ ሽልማት የማግኘት ዕድልዎ 2.98 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ከ34 አንድ ያህል ነው። 5 × 3 ÷ 500 ብለው 3 በመቶ ያገኘ ሰው እዚህ ብዙ አልተሳሳተም፤ የያዙት ቲኬት ከጠቅላላው አንጻር ሲበዛ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ከ500ው 200 ቢይዙ በዚህ አቋራጭ 120 በመቶ ይወጣል።

የቲኬቶቹ ብዛት ካልተገለጸ

ስሌቱን ያቁሙ። በግምት የሞላ ቁጥር የሚሰጠው ውጤት ትክክለኛ መስሎ ስለሚታይ ከምንም የከፋ ነው። ከላይ ያለው ምሳሌ ይህን በግልጽ ያሳያል፦ አምስቱን ቲኬቶች የገዙት የተሸጠው 500 በነበረበት ጊዜ ሆኖ፣ ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ሽያጩ ቀጥሎ 4,000 ቢደርስ፣ የማሸነፍ ዕድልዎ ከ2.98 በመቶ ወደ 0.37 በመቶ ይወርዳል፤ ከ34 አንድ የነበረው ከ267 አንድ ይሆናል። ጣሪያ በተገለጸበት ዕጣ ሁልጊዜ በጣሪያው ያስሉ፤ ውጤቱ ሊኖርዎት የሚችለው ዝቅተኛው ዕድል ነው። ጣሪያ በሌለበት ደግሞ አዘጋጁን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ጠቅላላውን ብዛት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቁ፤ ካላሳወቀ ሊሰላ የሚችል ዕድል የለም፣ ቲኬቱን ለመግዛት ሲወስኑም ይህንኑ አውቀው ይወስኑ።